ጡንቻን በስብ የሚከስ ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ1988 ማይክ ታይሰን ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ሲዘርረው ክብደቱ 99 ኪሎ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ወደሚለጠፈው የቢኤምአይ ሠንጠረዥ ይዘናቸው ብንሄድ 31 ይወጣል። ከ30 በላይ ያለው ቀይ ቀለም የተቀባው መደብ ነው፤ ስሙም ከመጠን ያለፈ ውፍረት። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ እንደ እሱ ፈጣን የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ አልነበረም። ሠንጠረዡ ግን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክብደት እንዲቀንስ ይመክረዋል።

ይህን የሚሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ «እሱማ ታይሰን ነው፣ ልዩ ሰው ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ማለፍ አልችልም። ተመሳሳይ ፍርድ በየቀኑ ስማቸው በማይታወቅ ሰዎች ላይ ይሰጣል፦ ክብደት በሚያነሱ ወጣቶች፣ በትግልና በቦክስ ስፖርተኞች፣ ለዓመታት ጂም በሠሩ የጥበቃ ሠራተኞች ላይ። ለሥራ ወይም ለኢንሹራንስ ምርመራ ሲሄዱ ሚዛን ላይ ይወጣሉ፣ ቁመታቸው ይለካል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ከጎኑም «ውፍረት» የሚል ቃል ይሰፍራል። ሆዳቸውን ያየ የለም፤ ሜትርም አልተዘረጋም። አንድ ሰው ስብ በዛበት ለማለት ስቡን መፈለግ ግድ ነው። ከ25 በላይ የሆነ ሁሉ ወፍሯል፣ ከ30 በላይ የሆነ ሁሉ ታሟል የሚለው ልማድ ግን ይህን ፍለጋ ዘልሎ ፍርዱ ላይ ይደርሳል። የምከራከረው ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

በእኛ አገር ችግሩ ተሸፍኖ የቆየበት ምክንያት አለ። ስፖርተኛ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው የረጅም ርቀት ሯጭ ነው፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ ጉንጩ የገባ። ሯጭ ላይ ቢኤምአይ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚያወጣ ሠንጠረዡና ዓይናችን ይስማማሉ። ስፖርት ማለት ክብደት መቀነስ ነው የሚለው እምነትም በዚያው ይጸናል። አሁን ግን በአዲስ አበባ ጂም የሌለበት ሰፈር ማግኘት እየከበደ ነው፤ ስኳትና ቤንች የሚሠራው ወጣትም ሰውነቱን የሚያሳድገው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። እሱን በሯጭ ዓይን መመዘን አይቻልም።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ክርክሩን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል። ክብደትን ለቁመት ካሬ ማካፈልን ያመጣው የቤልጂየሙ አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ ጊዜው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ኬትሌ ሐኪም አልነበረም። የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው ነበር፤ የሚፈልገውም የአንድን ሕዝብ አማካይ ሰው ገጽታ በቁጥር መግለጽ ነበር። አዋቂ ሰዎች ቁመታቸው ሲጨምር ክብደታቸው በግምት በቁመታቸው ካሬ ልክ እንደሚጨምር አስተዋለ። ስለ ስብም ሆነ ስለ በሽታ የተናገረው ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው አንሴል ኪስና ባልደረቦቹ ከአምስት አገሮች የተውጣጡ ከሰባት ሺህ በላይ ወንዶችን መርምረው፣ ለብዙ ሰው ጥናት ከሚያገለግሉ ቀላል ቀመሮች ይህኛው ይሻላል አሉ፤ ዛሬ የምንጠራበትንም ስም ሰጡት። እነሱም ቢሆኑ የሚያወሩት ስለ ሕዝብ ጥናት ነበር።

በሕዝብ ደረጃ ቢኤምአይ ጥሩ መሣሪያ መሆኑን አልክድም። መቶ ሺህ ሰው ሲለካ ጡንቻቸው የበዛው ጥቂቶች በብዙኃኑ ውስጥ ይሰወራሉ፤ አማካዩ ሲጨምርም የአገሩ ሰው በእርግጥ እየወፈረ ነው ማለት ይቻላል። ጥፋቱ የሚጀምረው ለመቶ ሺህ ሰው የተበጀውን ቁጥር ሚዛኑ ላይ ለቆመው ለአንዱ ሰው ስናውለው ነው። ድንበሩ ራሱ በስምምነት የተቀመጠ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በአሜሪካ እስከ 1998 ድረስ ወንድ ከመጠን በላይ ከብዷል የሚባለው ከ27.8 ጀምሮ ነበር። በዚያ ዓመት ድንበሩ ወደ 25 ሲወርድ አንድ ግራም ያልጨመሩ ሚሊዮኖች ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ተሻገሩ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 የሆነ ወጣት 72 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 1.72 በራሱ ሲባዛ 2.96 ገደማ ነው፤ 72 ለዚህ ሲካፈል 24.3 ይሆናል። ሠንጠረዡ ጤነኛ ይለዋል። ይህ ወጣት ለዓመታት ክብደት እያነሳ 12 ኪሎ ጡንቻ ቢጨምር 84 ኪሎ ይገባል፤ ቢኤምአዩም 28.4 ይሆናል። በዚህ ቁመት ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ኪሎ ቁጥሩን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ኪሎው ምን ይሁን ምን። ቀመሩ የሚያውቀው ጠቅላላ ክብደትን ብቻ ነው። ጆንያ መዝኖ ውስጡ ጤፍ ይሁን ጨው ሳያይ ዋጋ እንደሚቆርጥ ነጋዴ ነው።

እዚህ ላይ በየጂሙ የሚነገረውን ማብራሪያ ማረም አለብኝ፤ ከኔ ወገን ያሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ቢሆንም ደካማ ነውና። «ጡንቻ ከስብ ይከብዳል፣ ስለዚህ ቢኤምአይ ይሳሳታል» ይላሉ። አንድ ሊትር ጡንቻ 1.06 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ስብ ደግሞ 0.9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ግን ትንሽ ነው። 12 ኪሎ ጡንቻ 11 ሊትር ከሩብ ገደማ ቦታ ሲይዝ 12 ኪሎ ስብ 13 ሊትር ከሩብ ገደማ ይይዛል። ጡንቻና ስብ በእኩል ቢከብዱ እንኳ ቀመሩ ያው ስህተት ይሠራ ነበር፤ ምክንያቱም ስህተቱ ያለው ሁለቱን በአንድ ድምር ውስጥ መጨመሩ ላይ ነው። ዋናው ልዩነት ኪሎው የተቀመጠበት ቦታና የሚሠራው ሥራ ነው። ጭን፣ ጀርባና ትከሻ ላይ ያለ ጡንቻ ከደም ስኳርን ይወስዳል፣ ያቃጥላል። ሆድ ውስጥ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚጠራቀም ስብ ደግሞ ጉበትን ያውካል፤ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር የተያያዘው በተለይ እሱ ነው።

ያንን 84 ኪሎ የገባ ወጣት ከአንድ ሌላ ሰው ጎን እናቁመው። ይኸኛውም ቁመቱ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቱ 84 ኪሎ ነው፤ ቢኤምአዩ ያው 28.4። የሚሠራው ቢሮ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ከመኪና እስከ ወንበር ነው። አሁን የልብስ ሰፊ ሜትር እንዘርጋ። የወጣቱ ወገብ በእምብርቱ ትክክል 84 ሳንቲሜትር፣ አንገቱ 40 ነው። የሁለተኛው ወገብ 104፣ አንገቱ 39። ሃያ ሳንቲሜትር የወገብ ልዩነት በአንድ ዓይነት ቢኤምአይ ሥር ተደብቆ ነበር።

የመጀመሪያው ቀላል ስሌት ወገብን ለቁመት ማካፈል ነው። 84 ለ172 ሲካፈል 0.49 ይሆናል፤ 104 ለ172 ሲካፈል 0.60። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ቢኤምአያቸው ከ35 በታች ለሆኑ አዋቂዎች ያወጣው ምክር ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ይሁን የሚል ነው። ከ0.4 እስከ 0.49 ጤናማ፣ ከ0.5 እስከ 0.59 አደጋው የጨመረ፣ 0.6ና ከዚያ በላይ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ጡንቻቸው ለበዛ ሰዎችም ይህ እንደሚያገለግል መመሪያው ይናገራል። ቢኤምአይ በአንድ መደብ ያስቀመጣቸው ሁለት ሰዎች በአንዲት ማካፈል ሁለት ጫፍ ላይ ቆሙ። ስሌት ለማይወድ ሰው ሌላ መንገድ አለ፦ በቁመቱ ልክ የተቆረጠ ገመድ ለሁለት አጥፎ ወገቡ ላይ ማዞር። ጫፎቹ ከተገናኙ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ አልበለጠም።

ሁለተኛው ስሌት አንገትን ይጨምራል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ዘዴ ሲሆን፣ ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ጡንቻው የዳበረ ሰው አንገቱም ይወፍራል፣ ሆዱ ላይ ስብ የያዘ ሰው ግን ወገቡ ከአንገቱ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት ስለ ስብ ብዙ ይናገራል። የወንዶቹ ቀመር በሳንቲሜትር እንዲህ ነው፤ W ወገብ፣ N አንገት፣ H ቁመት ነው፦

```
495 / (1.0324 - 0.19077*log10(W - N) + 0.15456*log10(H)) - 450
```

በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል። የወጣቱ ልዩነት 44 ሳንቲሜትር ነው፤ ስሌቱ 15 በመቶ ስብ ይሰጣል። የሁለተኛው ልዩነት 65 ነው፤ ስሌቱ 30 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ወደ ኪሎ ስንመልሰው ወጣቱ የተሸከመው ስብ 12.6 ኪሎ፣ ሁለተኛው የተሸከመው 25 ኪሎ ገደማ ነው። የሴቶች ቀመር የዳሌን ዙሪያም ስለሚጠይቅ የተለየ ነው። ዘዴው በሦስት ወይም በአራት በመቶ ወደዚህም ወደዚያም ሊስት ይችላል። የወጣቱ እውነተኛ ቁጥር 12 ወይም 18 ቢሆን አይድነቀን፤ 30 ግን ሊሆን አይችልም። ለፍርድ የሚበቃን ይህ ነው።

አሁን ለወጣቱ «ቢኤምአይህን ወደ 25 አውርድ» የሚለው ምክር ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። በእሱ ቁመት 25 ማለት 74 ኪሎ ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ መቀነስ አለበት። ያለው ስብ 12.6 ኪሎ ነው። አሥሩም ኪሎ ከስብ ብቻ ቢወርድ የሚቀረው ስብ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ከክብደቱ 3 ተኩል በመቶ ነው። ይህ ጡንቻ ገንቢዎች ለውድድር መድረክ ብቻ፣ ለጥቂት ቀናት የሚደርሱበት መጠን ነው፤ እዚያ የቆየ ሰው ሆርሞኑ ይወርዳል፣ ይበርደዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በተግባር ደግሞ ሰውነት እንዲህ አይታዘዝም፤ ምግብ ቀንሶ አሥር ኪሎ የሚያወርድ ቀጠን ያለ ሰው የሚያጣው አንድ ትልቅ ክፍል ጡንቻው ነው። ጤናውን እየጠበቀለት ያለውን ነገር እንዲያጠፋ ነው የተመከረው። በዚህ ምክንያት ነው ስህተቱን ትንሽ ብዬ ማለፍ የማልፈልገው።

የቢኤምአይ ተከራካሪዎች ከሚያነሷቸው ነጥቦች ጠንካራው የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ጥናት የስፖርቱን የፕሮፌሽናል ሊግ ተጫዋቾች ቁመትና ክብደት ከስም ዝርዝር ወስዶ ቢኤምአያቸውን አሰላ። 97 በመቶው ከ25 በላይ፣ 56 በመቶው ከ30 በላይ ሆነው ተገኙ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ ሊጉም ተቃወመ። የትኛውም ተጫዋች ወገቡ አልተለካም፣ ደሙም አልተመረመረም ነበር። በ2009 ግን በዚያው መጽሔት ሌላ ጥናት ወጣ። ይኸኛው ከአምስት መቶ በላይ የሆኑ ንቁ ተጫዋቾችን በአካል መርምሮ በዕድሜ ከሚመስሏቸው ተራ ወንዶች ጋር አስተያያቸው። ተጫዋቾቹ በጣም ገዘፍ ያሉ ነበሩ፤ የጾም ደም ስኳራቸው የተዛባው ግን ከንጽጽሩ ሰዎች በግማሽ ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ 6.7 በመቶ በ15.5 በመቶ። የደም ቅባታቸው ተመሳሳይ ነበር። በሠንጠረዡ መሠረት የስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ መቆም የነበረባቸው ሰዎች ከሌላው በተሻለ ርቀት ላይ ነበሩ።

ይህን ብቻ ጽፌ ባቆም ግን አንባቢን አታልላለሁ። ያው ጥናት የተጫዋቾቹ የደም ግፊት ከንጽጽሩ ሰዎች ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ ከመካከላቸው ይበልጥ ገዘፍ ያሉትም የባሰ ውጤት ነበራቸው። የፊት መስመሩ ላይ የሚገፉት ግዙፎች በእርግጥ ብዙ ስብ አላቸው፤ ሲለኩ ሩብ የሚሆነው ክብደታቸው ስብ ሆኖ ይገኛል። በቀድሞ ተጫዋቾች ላይ የተሠራ ሌላ ምርመራም በጨዋታ ዘመናቸው ቢኤምአያቸው ከ30 በላይ የነበሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከጓደኞቻቸው እጥፍ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ «ስፖርተኛ ነኝ፣ ቢኤምአይ አይመለከተኝም» የሚለውም ልክ አይደለም። በአንድ ቡድን ውስጥ አንዱ ተከላካይ በጡንቻ 31 ሲሆን ሌላው የፊት መስመር ተጫዋች በስብ 38 ነው። ቢኤምአይ ሁለቱንም አንድ ስም ይሰጣቸዋል፤ የጂም ሰውም ሁለቱንም «ጡንቻ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። ሁለቱም ሳይለኩ ነው የሚናገሩት። ለሁለቱም መልሱ ሜትር ነው።

ከሐኪሞች የምሰማው ሌላ ክርክር አለ። «ጡንቻማ ሰው ጥቂት ነው፤ ሲገባም በዓይን ይታወቃል፤ ለጥቂቶች ብለን አሠራር አንቀይርም» ይላሉ። በዓይን የሚታወቀው ቀኝና ግራው ብቻ ነው፤ መድረክ ላይ የቆመ ጡንቻ ገንቢና ሆዱ የተንዘረገገ ሰው። መካከሉ ግን ሰፊ ነው። ሹራብና ጃኬት ለብሶ የገባ ትከሻው ሰፊ ሰው ሆዱ ሰባ ይሁን አይሁን በልብስ ላይ አይታይም። ከአምስት ዓመት በፊት ጂም ያቆመና አሁንም ራሱን ስፖርተኛ ብሎ የሚያስብ ሰውም አለ፤ ክብደቱ እዚያው ቆሞ ጡንቻው በስብ ተተክቷል። ሚዛኑ ያንኑ ቁጥር ስለሚያሳየው ልቡ ተረጋግቷል። ይህን ሰው ዓይንም ሚዛንም አይይዘውም፤ ቀበቶው ላይ የተከፈተው ቀዳዳ ግን ይይዘዋል።

ደግሞ የሜትሩ ጥቅም ለስፖርተኛ ብቻ አይደለም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቱ 68 ኪሎ የሆነ፣ እጁና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ግን ቦርጭ ያወጣ ሰው ቢኤምአዩ 23 ነው። ሠንጠረዡ አመስግኖ ይሸኘዋል። ወገቡ 92 ቢሆን ሬሾው 0.53 ነው፤ ስኳሩና ግፊቱ ሊታይ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው በየቢሮአችን አለ። ጡንቻማውን በከንቱ የሚያስደነግጠው ቁጥር ይህንን በከንቱ ያረጋጋዋል፤ ሁለቱም ስህተቶች ምንጫቸው አንድ ነው።

ሜትር መዘርጋት ቀላል ቢሆንም በዘፈቀደ ከተደረገ ሌላ ስህተት ይወልዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቦታ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት የታችኛው ጠርዝና ከዳሌ አጥንት የላይኛው ጫፍ መካከል ነው። የባሕር ኃይሉ ቀመር ግን ወንድን በእምብርት ትክክል ይለካል። ሆዱ ጠፍጣፋ በሆነ ሰው ላይ ሁለቱ ቦታዎች ይቀራረባሉ፤ ቦርጭ ባለው ላይ ግን በጥቂት ሳንቲሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። የትኛውም ቢመረጥ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ቦታ መለካት አለበት። ሰውየው እግሩን ገጥሞ ይቆማል፣ እጁን ይለቃል፣ ልብሱን ከወገቡ ያነሳል። ሜትሩ ዙሪያውን ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ጀርባ ላይ ወርዶ ሆድ ላይ መውጣቱ የተለመደ ስህተት ስለሆነ ከጎን የሚያይ ሰው ወይም መስታወት ይረዳል። ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው። የሚነበበው በተለመደው አተነፋፈስ አየር ከወጣ በኋላ ነው። ሁለቴ ይለካ፤ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ከተለያየ እንደገና ይለካ። አንገት የሚለካው ከማንቁርት በታች ነው፤ ትከሻ ሳይነሳ።

ጂም የሚሠሩ ሰዎች በተለይ የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ፤ ሆዳቸውን ሳያስቡት ይስባሉ። ለዓመታት ሆድን አጥብቆ ክብደት ማንሳት የለመደ ሰው ሜትር ሲነካው ጡንቻው ራሱ ይኮማተራል። ያዋሩት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተንፍስ፤ ያኔ ይነበብ። ከምግብ በኋላም አይለካ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ የተወሰደው ቁጥር የተሻለ ነው። ከባድ ስኳትና ዴድሊፍት የሚሠራ ሰው የጎንና የጀርባ ጡንቻው ወገቡን በመጠኑ ሊያሰፋው እንደሚችልም መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ሬሾው 0.51 የሆነ ክብደት አንሺ ወዲያው ታማሚ አይባልም። ለእሱ ሦስተኛውን መሣሪያ፣ የቆዳ እጥፋት መለኪያውን ካሊፐር እንጨምርለታለን። ከእምብርት ጎን፣ ከጭን ፊትና ከደረት ላይ ቆዳው ከሥሩ ካለው ስብ ጋር ተቆንጥጦ ውፍረቱ በሚሊሜትር ይነበባል። ወደ በመቶ የሚቀይሩት ቀመሮች የየራሳቸው ስህተት ስላላቸው ለአሰልጣኝ የሚሻለው ሚሊሜትሮቹን ደምሮ በየሁለት ወሩ ማነጻጸር ነው። ክብደቱ እየጨመረ ድምሩ ካልጨመረ የገባው ጡንቻ ነው። ግን አንድ ሰው፣ በአንድ ካሊፐር፣ በአንድ ቦታ ይለካ፤ ቆንጣጭ በተቀየረ ቁጥር ቁጥሩም ይቀየራል።

አሁን በየጂሙ የገባውን፣ እግር ሲቆምበት የስብ መጠን የሚናገር ኤሌክትሪክ ሚዛን በተመለከተ ጥንቃቄ እንዲደረግ እመክራለሁ። ሚዛኑ ስብን በቀጥታ አያይም። ደካማ ኤሌክትሪክ በእግር አስገብቶ የሰውነትን ውኃ ይገምታል፤ ከውኃው ጡንቻውን፣ ከዚያም ስቡን ያሰላል። በላብ ውኃውን የጨረሰ ስፖርተኛ ከልምምድ በኋላ ሲወጣበት ስቡ በአንድ ሰዓት የጨመረ ሊያስመስለው ይችላል። ጠዋት፣ በአንድ ሁኔታ፣ በአንድ ሚዛን የሚወጣ ሰው የወራት አካሄዱን ያይበታል፤ የአንድ ቀን ቁጥር ግን አያምንበት።

አሠራሩን መቀየር ይከብዳል ለሚሉም ምሳሌ አለ። የአሜሪካ ጦር ለዓመታት ወታደሩን መጀመሪያ በክብደትና ቁመት ሠንጠረዥ ያጣራ ነበር፤ ከሠንጠረዡ ወሰን በላይ የሆነውን ግን በሜትር ይለካው ነበር እንጂ እዚያው አይፈርድበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በብቃት ፈተናው ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ወታደር ከዚህ ልኬት ነፃ እንዲሆን ተወሰነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ቢኤምአይ ከሌሎች መለኪያዎች ጋር እንጂ ብቻውን እንዳይሠራበት አቋም ወሰደ። በ2025 መጀመሪያ አንድ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ኮሚሽን በላንሴት መጽሔት ቤተሰብ ባወጣው ሰነድ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለ ከመባሉ በፊት ወገብን በመሰለ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ልኬት እንዲረጋገጥ ጠየቀ፤ ያለ ማረጋገጫ መቀበል የሚቻለው ቢኤምአይ ከ40 ሲያልፍ ነው። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ጨርቅ ሜትር በመርካቶ በትንሽ ብር ይገኛል፤ ልኬቱም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። የምርመራ ቅጹ ላይ ከክብደትና ከቁመት በታች «የወገብ ዙሪያ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ያ መስመር ባዶ ከሆነ «ውፍረት» የሚለው ቃል አይጻፍ።

ሜትሩ የማያየውንም መናገር አለብኝ፤ የምሟገትለት መሣሪያ ሁሉን ያውቃል እንዳይባል። ጡንቻውን በሆርሞን መርፌ የገነባ ሰው ወገቡ 80፣ ሬሾው 0.46 ሊሆን ይችላል። ያ መድኃኒት ግን ጥሩውን የኮሌስትሮል ዓይነት ያወርዳል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የልብን ግድግዳ ያወፍራል። ቢኤምአይ ስለ ስቡ ሲከሰው ይሳሳታል፤ ሜትሩም ስለ ልቡ ነፃ ሲያወጣው ይሳሳታል። አንገቱ በጣም የወፈረ ሰውም፣ ውፍረቱ ከጡንቻ ቢሆን እንኳ፣ ሲተኛ የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፤ የሚያንኮራፋና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነ ወገቡ ቀጭን መሆኑ አያድነውም። ስለዚህ ከ30 በላይ የሆነ ጡንቻማ ስፖርተኛ ወገቡ ከተለካ በኋላ ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያ ይታሰርለት። የመለኪያው ጨርቅ ለወፍራም ክንድ የተሠራው ሰፊው ይሁን፤ ጠባቡ ሲታሰርበት ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያልና፣ ከአንድ የሐሰት ክስ አውጥተን ወደ ሌላ እንዳናስገባው። የጾም ስኳሩና የደም ቅባቱም ይታይ፤ መርፌ ይወስድ እንደሆነም ሳይወቀስ ይጠየቅ።